ባለ ካሬ ኮት ከመግዛታችሁ በፊት፦ በፎቶም በእጅም እንዴት ይመረመራል?

ሐሙስ ሲደርስ ስልኬ አያርፍም። ሐሙስ የጅማ ትልቁ የገበያ ቀን ነው። ሄርማታ መርካቶ ሳልቫጅ የተዘረገፈበት ቦታ ቆመው ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል፤ "እትዬ፣ ይሄ ኮት ይገዛል?" ይሉኛል። ሌላው ደግሞ ከቴሌግራም ላይ ያየውን ይልክልኛል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ አይቼ ወዲያው የምመልስ ይመስላቸዋል። ብዙ ጊዜ ግን የላኩልኝ ፎቶ ምንም አያሳይም። ስለዚህ እኔ ምን እንደማይ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደማይና ለምን እንደማይ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

ለምሳሌ የወሰድኩት ባለ ካሬ ኮት ነው፤ ገበር ያለው፣ ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ። ይሄን የመረጥኩት ስፌቱ፣ ገበሩ፣ የቁልፍ ቀዳዳውና የካሬው አገጣጠም አንድ ልብስ ላይ ስለሚገኙ ነው። ባለ ካሬ ኮት መመርመር የቻለ ሰው ሸሚዝና ጉርድ አይከብደውም።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የልብስ ሰፊ ሜትር። ከሌለ ትንሽ ማስመሪያም ይሆናል።
- አንድ ስፒል። የመርፌ እርምጃ ለመቁጠር ነው።
- የቀን ብርሃን። ሱቁ ጨለማ ከሆነ ልብሱን ይዛችሁ ወደ በሩ ውጡ።
- ፎቶ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ተጨማሪ ፎቶ ሊያነሳላችሁ ፈቃደኛ የሆነ ሻጭ።

1. ፎቶ ከሆነ መጀመሪያ የሚታይ ፎቶ አስልኩ

ሻጩ የለጠፈው ፎቶ ለመሸጥ የተነሳ እንጂ ለመመርመር የተነሳ አይደለም። አሻንጉሊት ላይ የለበሰ ኮት ከጀርባው በስፒል ተይዞ ሊሆን ይችላል። ያኔ ከፊት ልክክ ብሎ ይታያል። መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ ኮት ደግሞ ወደ አንድ ጎን ይዞራል፤ ደህና የተገጠመው ካሬም የተዛነፈ ይመስላል።

ስለዚህ እነዚህን አምስት ፎቶዎች ጠይቁ፦

- ቁልፉ ተቆልፎ፣ ጠረጴዛ ወይም አልጋ ላይ ተዘርግቶ፣ ከፊት
- በዚያው ሁኔታ ከጀርባ
- የጎን ስፌቱ ከብብት እስከ ታች
- ኮቱ ተገልብጦ ገበሩ በሙሉ
- አንድ የቁልፍ ቀዳዳ በቅርበት፣ ከውጭም ከውስጥም፣ ሜትር አጠገቡ ተቀምጦ

የሚያነሳው ሰው ስልኩን ከልብሱ በላይ ቀጥ አድርጎ ይያዝ። ስልኩ ካዘነበለ መስመሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ የጠበቡ ይመስላሉ፤ እናንተም የሌለ ጥፋት ታያላችሁ። ፍላሽ አያብራ። ፍላሽ ፊት ለፊት ስለሚመታ የተጨማደደ ስፌት ለስላሳ ይመስላል። በመስኮት በኩል ከጎን የሚመጣ ብርሃን ግን እያንዳንዷን መጨማደድ በጥላዋ ያሳያል።

ቴሌግራም ላይ ፎቶውን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልክላችሁ ንገሩት። እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል፤ ስታቀርቡት የክሩ እርምጃ ተደባልቆ አንድ መስመር ይሆናል። እንደ ፋይል ሲላክ ግን የተነሳው እንዳለ ይደርሳችኋል።

2. ካሬው ይገጥም እንደሆነ እዩ

ከሁሉም በፊት ይሄን የማየው በፎቶ ከሩቅ ስለሚታይና ሻጩ ሊደብቀው ስለማይችል ነው። ገበር ይሸፈናል፤ ክር ይቆረጣል። ካሬ ግን እዚያው ፊታችሁ ነው።

ካሬው ለምን ይሄን ያህል ይነግረናል? ነጠላ ቀለም ጨርቅ ሲቆረጥ ሰፊው ጨርቁን ሁለት አድርጎ ያጥፋል፤ ቁራጮቹን አጠጋግቶ በአንዴ ይቆርጣል። ካሬ ለማጋጠም ግን እያንዳንዱን ቁራጭ ከጎረቤቱ መስመር ጋር እያስተያየ ማስቀመጥ አለበት። ካሬው 8 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ መስመሩ እስኪገኝ አንድ ቁራጭ እስከ 8 ሳንቲሜትር ሊንሸራተት ይችላል። በመሃል የቀረው ጨርቅ ብጣሽ ይሆናል። ጊዜም ጨርቅም ይበላል። ለካሬው ይሄን ያህል ያወጣ ሰው ውስጡን በዘፈቀደ የመስፋት ዕድሉ ትንሽ ነው። ዋስትና ባይሆንም ጥሩ ምልክት ነው።

አሁን በጣታችሁ ተከተሉ። ከፊት አንድ አግድም መስመር ምረጡ፤ ደረት አካባቢ ያለው ይሻላል። ከግራ ጀምራችሁ ቁልፉን አልፋችሁ ወደ ቀኝ ሂዱ። መስመሩ ሳይሰበር ካለፈ የፊቱ ደህና ነው። ይሄ ከሁሉ ቀላሉ ቦታ ስለሆነ እዚህ የወደቀ ኮት ሌላ ቦታ አያልፍም።

ቀጥሎ ጀርባውን እዩ። መሃል ላይ ስፌት ካለ በግራ የቀረችው የካሬ ቁራጭ ከቀኝ ካለችው ጋር ስትገናኝ ሙሉ ካሬ መሥራት አለባት። ሁለት ጠባብ ካሬዎች ተጠጋግተው ከታዩ፣ ወይም አንዱ ጎን ሰፍቶ ሌላው ከጠበበ አልተገጠመም። ኮሌታውም ከጀርባው መሃል መስመር ላይ ተቀምጦ እንደሆነ እዚያው ተመልከቱ።

ከዚያ የኪሱን ክዳን እዩ። በደንብ የተሠራ የኪስ ክዳን ከሩቅ አይታይም፤ ካሬው ውስጥ ይጠፋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ክዳኑ መግጠም ያለበት ወደ ፊት ባለው በኩል ነው። ብዙ ኮት ላይ ከኪሱ አጠገብ ወገቡን የሚያጠብ ስፌት ያልፋል። እሱ ጨርቁን ስለሚበላው በክዳኑ የኋላ ጫፍ ካሬው ትንሽ ይዛነፋል። ያ ጥፋት አይደለም።

ወደ ጎን ስፌቱ ሂዱና አግድም መስመሮቹን ከታች ወደ ላይ ተከተሉ። በመጨረሻም እጅጌውን እዩ። ከብብት ከፍ ብሎ፣ ከፊት በኩል፣ የደረቱ አግድም መስመር ወደ እጅጌው መሻገር አለበት። እዚህ ቦታ ላይ ያጋጠመ ሰው ሥራውን ያውቃል። እጅጌ ከትከሻ ጋር ሲገናኝ ክብ ስለሆነ የሚገጥመው ይሄ ትንሽ ቦታ ብቻ ነው።

የማይጠበቅበትን ደግሞ አትጠብቁ። በትከሻው ጫፍ ላይ፣ በእጅጌው አናትና በኋላው በኩል ካሬ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ቁራጮቹ የተለያየ ጠመዝማዛ ስላላቸው በዓለም ላይ ጎበዝ የተባለው ሰፊም አያጋጥመውም። "ትከሻው ላይ ዛንፏል" ብላችሁ ጥሩ ኮት አትተዉ።

ዛንፎ ካገኛችሁ መጠኑን ለኩ፤ መጠኑ ምክንያቱን ይነግራችኋል፦

- ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ከሆነ ሲሰፋ የተንሸራተተ ነው። ተቆርጦ የነበረው በልኩ ነው። ይለፍ።
- የካሬውን ግማሽ ያህል ከሆነ ማንም ለማጋጠም አልሞከረም። ጨርቅ ተቆጥቧል።
- ከታች ገጥሞ ወደ ላይ ሲሄድ እየራቀ ከመጣ ሲሰፋ አንዱ ጨርቅ ተስቧል። ያኔ ስፌቱን በደንብ እዩት፤ ብዙ ጊዜ አብሮ ይጨማደዳል። በካውያ የሚስተካከል ቢመስልም ከታጠበ በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

የኪሱ ወይም የትከሻው ጨርቅ ካሬው ዞሮ በጫፉ የቆመ መስሎ ከታየ ሆን ተብሎ በሰያፍ የተቆረጠ ነው። አንዳንዱ ለውበት ያደርገዋል፤ አንዳንዱ ከማጋጠም ለማምለጥ። በራሱ ጥፋት ስላልሆነ ለፍርድ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

በዚሁ ዓይን የሀበሻ ቀሚስም ይታያል። ታች ዙሪያውን የሚሄደው ጥበብ በጎን ስፌቱ ላይ ሲገናኝ ከፍና ዝቅ ካለ ገና ሲቆረጥ አልተለካም ማለት ነው። እኔ ቀሚስ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምገልጠው እዚያ ጋ ነው።

3. ስፌቱን ከሁለቱም በኩል እዩ፤ ከዚያ ሳቡት

ስፌቱ ላይ ስፒላችሁን አስቀምጡና በአንድ ሳንቲሜትር ውስጥ መርፌው ስንቴ እንደገባ ቁጠሩ። ለኮት ከ4 እስከ 5 ጥሩ ነው። ጥሩ ሸሚዝ ከዚያ በላይ ይሆናል። 3 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ፋብሪካው ለመቸኮል እርምጃውን አስረዝሟል። እርምጃው ሲረዝም ክሩ ሲሳብ ይላላል፤ በመሃሉም ክፍተት ይታያል።

ቀጥሎ በስፌቱ ግራና ቀኝ ያለውን ጨርቅ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወደ ጎን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ስፌቱ እንዳለ ከቆየ ጥሩ። ክሩ እንደ መሰላል ብቅ ካለ የላላ ነው፤ ይሄ እንደገና በመስፋት ይስተካከላል። የጨርቁ የራሱ ክሮች ከስፌቱ እየሸሹ ከመጡ ግን ጨርቁ ስፌት መያዝ አልቻለም። ይሄኛውን ማንም ሰፊ አያድነውም። ተዉት።

ከዚያ ክሩን ከላይም ከውስጥም አስተያዩ። የላይኛውና የሥሩ ክር ጨርቁ መሃል ላይ መያያዝ አለባቸው፤ ከሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ይመስላሉ። በአንዱ በኩል ክሩ እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ ተኝቶ ከሌላው ክር ትናንሽ ቀለበት ከታየበት ውጥረቱ ተበላሽቷል። ቀጥ ያለው ክር አንድ ቦታ ከተበጠሰ ተስቦ ይወጣል።

የቀረው የስፌቱ ትርፍ ጨርቅ ነው። ገበር ስላለ ሁሉንም ማየት አትችሉም። ነገር ግን ጣታችሁን ገበሩ ላይ አድርጋችሁ በጀርባው መሃል ስፌት ላይ ዳብሱ። ከስፌቱ ወዲህና ወዲያ የተኛው ጨርቅ ጠርዙ ይሰማችኋል። ወደ 2 ሳንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ኮቱ ነገ ሲጠብባችሁ ሊሰፋ ይችላል። ግማሽ ሳንቲሜትር ብቻ ከሆነ የሚለቀቅ ነገር የለም፤ ከዛሬው ልክ ጋር ትኖራላችሁ።

4. ገበሩን ለስፋቱ እንጂ ለውበቱ አትዩት

ብዙ ሰው ኮቱን ከፍቶ "ገበሩ ያብለጨልጫል" ይለኛል። እኔ የማየው ስፋቱን ነው። ገበር ከኮቱ ትንሽ መስፋት አለበት። ምክንያቱ ቀላል ነው። የውጭው ጨርቅ፣ ሱፍ ከሆነ በተለይ፣ ሲሳብ ትንሽ ይሰጣል። ገበሩ አይሰጥም። እጃችሁን ወደ ፊት ስትዘረጉ ጀርባችሁ ይሰፋል፤ ያኔ ገበሩ ትርፍ ከሌለው ብብት ጋ ወይም ጀርባ መሃል ይተረተራል።

ትርፉን ሦስት ቦታ ታገኙታላችሁ። የመጀመሪያው ከአንገት ሥር ጀርባው መሃል ላይ ነው፤ ገበሩ ተደርቦ እጥፋት ይሠራል። በጣታችሁ ስትከፍቱት 2 ሳንቲሜትር ያህል ጥልቀት ካለው ጥሩ ነው። ሁለተኛው የኮቱ ታች ነው፤ ገበሩ ከጠርዙ ከፍ ብሎ ተሰፍቶ ትንሽ ወደ ታች ይወድቃል፣ እንደ ትንሽ ከረጢት። ሦስተኛው የእጅጌው ጫፍ ነው፤ እዚያም ያው እጥፋት ይኖራል። ፎቶ ላይ ገበሩ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ምንም እጥፋት ካልታየበት ጠርጥሩ።

ይሄን የተማርኩት ከራሴ ጥፋት ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ሽማግሌ ኮት ስሰፋ ገበር አጠረኝና የጀርባውን እጥፋት ተውኩት። ሲለኩት ልክክ አለ። በወሩ ብብቱ ጋ ተተርትሮ መጣ። ውጩ ምንም አልሆነም። ገበሩን በሙሉ አውልቄ በራሴ ወጪ ቀየርኩላቸው።

ጅማ ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። ክረምቱ ረጅም ነው፤ ኮት ይረጥባል። ገበሩና የውጭው ጨርቅ ሲረጥቡ እኩል አያጥሩም። ታች ትርፍ ካለ ልዩነቱን እሱ ይውጠዋል። ከሌለ የኮቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። ሳልቫጅ ኮት ላይ ጠርዙ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ካያችሁ አንዴ ታጥቦ ወይም ረጥቦ ገበሩ ያጠረበት ሊሆን ይችላል።

ግማሽ ገበር ያለውን ኮት ርካሽ ነው ብላችሁ አትጣሉ። ጀርባው ገበር ከሌለው ስፌቶቹ በሙሉ ይታያሉ፤ ስለዚህ ጠርዛቸው በቀጭን ጨርቅ ተጠቅልሎ መሰፋት አለበት። እንደዚያ ከሆነ ሙሉ ገበር ከማድረግ በላይ ሥራ አለው። ጠርዙ በክር በሚጠቀልለው የኦቨርሎክ ስፌት ብቻ ተይዞ ክሩ ከተንጠለጠለ ግን ገበር የቀረው ለቁጠባ ነው።

5. የቁልፍ ቀዳዳውን ከውስጥ በኩል እዩ

ቀዳዳው ከውጭ ሁልጊዜ ደህና ይመስላል። አገላብጡት። ዙሪያውን የያዘው ክር ተጠጋግቶ ጨርቁን ሙሉ በሙሉ ከሸፈነ ጥሩ ነው። በክሩ መሃል ጨርቁ ከታየ፣ ወይም ከመሃሉ እንደ ጺም የተበጣጠሰ የጨርቅ ክር ከወጣ ክሩ የተቆጠበበት ነው። ቁልፉ ባለፈ ቁጥር ያ ጺም ይረዝማል፤ ቀዳዳውም ይሰፋል። ትንሽ ጺም ብቻ ከሆነ ግን አትደንግጡ። ብዙ መኪና መጀመሪያ ሰፍቶ ኋላ ስለሚቆርጥ ጥቂት ክር ይቀራል።

ጫፎቹን እዩ። የኮት ቀዳዳ በጠርዙ በኩል ባለው ጫፍ ክብ ቢሆን ይመረጣል፤ ቁልፉ ሲቆለፍ የሚያርፈው እዚያ ነው። ቁልፉ ከሥሩ የክር አንገት አለው፤ ክቡ ቦታ ለዚያ አንገት ነው። ክብ ካልሆነ ጨርቁ በቁልፉ ዙሪያ ይሰበሰባል። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ክሩ ደጋግሞ ተመላልሶ የተቋጠረ መሆን አለበት። መቀደድ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ልኩንም አረጋግጡ። የቀዳዳው ርዝመት የቁልፉ ስፋት ላይ ውፍረቱ ሲደመርበት የሚመጣው ነው። ቁልፉ 2 ሳንቲሜትር ሰፍቶ 4 ሚሊሜትር ከወፈረ ቀዳዳው 2.4 ሳንቲሜትር ይሆናል። ከዚህ ብዙ ከበለጠ ኮቱ እየሄዳችሁ ራሱ ይከፈታል። ካነሰ ደግሞ በየቀኑ እየታገላችሁ ጫፉን ትቀዱታላችሁ። ሳልቫጅ ላይ ልኩ ካልገጠመ ቁልፉ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ከሌሎቹ ጋር አስተያዩት።

በመጨረሻ ቁልፉን ራሱን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ እዩ። ከጨርቁ ጋር ተጣብቆ ከተሰፋ ስትቆልፉት ጨርቁ ይጎደጉዳል። ወፍራም ኮት ላይ ቁልፉ 3 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ አንገት ሊኖረው ይገባል።

አንድ ኮት አብረን እንመርምር

በቅርቡ አንዲት ተመራቂ ተማሪ ቡናማ ላይ ክሬም ካሬ ያለበት ኮት ፎቶ ላከችልኝ። ሳልቫጅ ነው። አጂፕ አካባቢ ያለ ሻጭ ቴሌግራም ላይ 3,500 ብር ብሎታል። "እትዬ፣ ለምርቃቴ ነው፤ ልግዛው?" አለችኝ። "ቆይ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ዘርግቶ ያንሳልሽ" አልኳት። አነሳላት።

ከፊት አግድሙ መስመር ቁልፉን አልፎ ገጠመ። ጀርባው መሃል ሙሉ ካሬ ሠራ። የቀኙ ኪስ ክዳን ካሬው ውስጥ ጠፍቷል። የግራው ግን አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ወደ ታች ወርዷል። ይሄ አሳሰበኝ። ቀኙን እንደዚያ ያጋጠመ ሰው ግራውን አይረሳውም። አቅርቤ ሳየው የግራው ክዳን የተሰፋበት ክር ትንሽ ፈዘዝ ይላል። ተበጥሶ በሌላ ሰው እጅ የተመለሰ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የኮቱ ሳይሆን የጥገናው ነው፤ ይስተካከላል።

የገበሩ ፎቶ ግን ሌላ ነገር አሳየኝ። የጀርባው እጥፋት የለም። ከአንገት እስከ ታች ተወጥሯል። "ሄደሽ ልበሺውና ሁለት እጅሽን ወደ ፊት አጣጥፊ፤ ከዚያ ብብትሽ ሥር ያለውን ገበር እይ" አልኳት። ደውላ "መርፌው የገባበት ቀዳዳ ሰፍቷል፣ ክሩ ይታያል፤ ግን አልተቀደደም" አለችኝ። የቁልፍ ቀዳዳዎቹ ከውስጥ ንጹሕ ነበሩ። ስፌቱን ስትስበው ጨርቁ አልሸሸም። በሳንቲሜትር አምስት ቆጠረች።

ውሳኔዬ ይሄ ነበር። ካሬው፣ ስፌቱና የቁልፍ ቀዳዳው የጥሩ ኮት ናቸው። ገበሩ ግን መከፈት አለበት፤ አንድ የኪስ ክዳንም ይነሳል። ሁለቱም የሰፊ ሥራ ናቸው፤ ጨርቁን የሚነካ ነገር የለም። ሁለቱን ጥፋት ለሻጩ በጣቷ እያሳየች 2,600 ብር ገዛችው። እኔ ጀርባው ላይ ገበሩን መሃል ለመሃል ከፍቼ 4 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ አስገባሁ፤ እጥፋት አድርጌም መለስኩት። ክዳኑን ፈትቼ መስመሩ ላይ አስቀመጥኩት። ከሰዓት በኋላ ጀምሬ ሳይመሽ አለቀ።

ጥንቃቄ

ስፌት ስትስቡ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። በጣም ስስ ጨርቅና ሐር ላይ ጭራሽ አትሞክሩት፤ የእናንተ እጅ ያልተበላሸውን ያበላሻል። ልብሱ ገና የሻጩ ነው።

ትርፍ ክር ካያችሁ አትሳቡት። አንዳንድ ቁልፍ በመኪና የሚሰፋው አንዱ ቀለበት ሌላውን በሚይዝበት ክር ነው፤ ጫፉ ከተሳበ ተከታትሎ ይፈታል፣ ቁልፉም ይወድቃል። ቤት ስትደርሱ ጫፉን በመርፌ አስገብታችሁ ቋጥሩት።

ቴሌግራም ላይ ሻጩ ኮቱን ገልብጦ ለማንሳት እንቢ ካለ ብር አታስቀድሙ። ውስጡን ሳታዩ መግዛት ካለባችሁ ግን በገበር ልክ ዋጋ ቀንሳችሁ ተከራከሩ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ኦቨርሎክ ሲያዩ "የርካሽ ነው" ማለት። ለካናቴራና ለሹራብ ኦቨርሎክ ትክክለኛው ስፌት ነው፤ ጨርቁ ሲለጠጥ አብሮ ይለጠጣል። ጥርጣሬ የሚያስፈልገው ኮትና ሱሪ ዋና ስፌታቸው ኦቨርሎክ ብቻ ሲሆን ነው።

የእጅጌው ቁልፎች እውነት የሚከፈቱ ስለሆኑ ብቻ ኮቱን ውድ ማድረግ። አሁን ርካሽ ኮትም እንደዚያ ይሠራል። እንዲያውም ቀዳዳው ከተቆረጠ በኋላ እጅጌውን ከታች ማሳጠር ያስቸግራል፤ እጃችሁ አጭር ከሆነ ይሄን ቀድማችሁ አስቡ።

ፎቶ ላይ ሞገድ አይቶ ጨርቁ ተበላሽቷል ማለት። ቀጭንና የተጠጋጋ መስመር ያለው ጨርቅ በስልክ ሲነሳ የሌለ ሞገድ ይፈጥራል። ፎቶውን አቅርቡትና አርቁት። ሞገዱ ቅርጹን እየቀያየረ ከሄደ የስክሪኑ ነው። እዚያው ቦታ ላይ ከቆመ ግን የጨርቁ ወይም ፎቶው ሲነሳ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል።

የታተመ ካሬን እንደ ተሸመነ መቁጠር። የጨርቁን ጀርባ ግለጡ፤ የታች እጥፋቱ ውስጥ ወይም ኪስ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ከኋላ ቀለሙ ከፈዘዘ ወይም ነጭ ከሆነ ካሬው የታተመ ነው። የታተመ ካሬ ከጨርቁ ክር ጋር ላይሄድ ይችላል። ያኔ ሰፊው ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ መስመሩን ያጋጥማል ወይ የጨርቁን ክር ይከተላል። መስመሩን ካጋጠመ ፎቶ ላይ አምሮ ይታያችኋል። ሲታጠብ ግን ጨርቁ ወደ ክሩ ይመለስና የጎን ስፌቱ ወደ ፊት ይዞራል። እንዲህ ዓይነቱን ኮት ስትገዙ የጎን ስፌቱ ቀጥ ብሎ ይወርድ እንደሆነ ለብሳችሁ መስታወት ፊት እዩ። አሁኑኑ ትንሽ ከዞረ ከታጠበ በኋላ ይብሳል።